ብርሃነ ወይስ ብርሃኑ? በመልእክት መተግበሪያ የመጣ ፎቶና የሚያነበው ማሽን

አዲስ አበባ ውስጥ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት የውክልና ሰነድ በስልክ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ሪያድ ይላካል። ላኪው ስልክ ላይ አራት ሜጋባይት ገደማ የነበረው ፎቶ፣ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሁለት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም። ከሃያ እጅ አንድ እጁ ብቻ ደረሰ ማለት ነው። ተቀባዩ ግን የጎደለ ነገር አይታየውም። ርእሱም፣ ፊርማውም፣ ማኅተሙም በየቦታቸው አሉ። ጉዱ የሚመጣው ፎቶውን ለአንድ የኤአይ መሣሪያ ሰጥቶ ጽሑፉን እንዲያወጣለት ወይም ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስለት ያደረገ ዕለት ነው። መሣሪያው አንድም ሳያመነታ ገጹን ጥርት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሰነዱ ላይ ብርሃነ የተባለው ወካይ ግን ብርሃኑ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መሣሪያው አማርኛ ስለማይችል ነው ብሎ ያልፈዋል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ፊደሉ የጠፋው መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። የጠፋውም ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ አይደለም፤ እዚያው ላኪው እጅ ባለው ስልክ ውስጥ ነው።

ላኪው ፎቶውን መርጦ የመላኪያዋን ቀስት ሲነካ፣ መተግበሪያው ከማንም በፊት ፎቶውን ራሱ ይከፍተዋል። መጀመሪያ ያሳንሰዋል። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ዋትስአፕ ደግሞ ወደ 1600 ገደማ። ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራበት አንዲት የቀለም ነጥብ ናት። ካነሰ በኋላ እንደገና ጄፔግ በሚባለው ዘዴ፣ ጠበቅ ባለ መጠን ይጨመቃል። በመጨረሻም ፎቶው መቼ፣ በምን ስልክ፣ በየትኛው ቦታ እንደተነሣ የሚናገረው የተደበቀ መረጃ ይራገፋል። የዋትስአፕ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ተመስጥሮ ስለሚጓዝ ኩባንያው መሐል ላይ ከፍቶ ሊያሳንሰው አይችልም፤ ሥራው ሁሉ በስልኩ ላይ ማለቅ አለበት።

ለምን ይህን ያህል ያሳንሱታል? ምክንያቱ ተንኮል የለበትም። በቀን በቢሊዮን የሚቆጠር ፎቶ የሚያልፍበት ኩባንያ እያንዳንዱን እንዳለ ቢያጓጉዝና ቢያስቀምጥ ወጪው አይቻልም። ለተጠቃሚውም ያው ነው። በሜጋባይት ጥቅል እየገዛ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው፣ የሠርግ ፎቶ የሚለቀቅበት የቤተሰብ ግሩፕ በአንድ ቀን ጥቅሉን ይጨርስበት ነበር። ለሠርግ ፎቶ የተደረገው ስምምነት መልካም ስምምነት ነው፤ መጥፎ የሚሆነው ለሰነድ ሲውል ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። የተለመደ የስልክ ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ ያነሣል። ኤ4 ወረቀት ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ የፎቶውን ቁመት ሙሉ በሙሉ ቢሞላው፣ ለእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር 13 ተኩል ፒክስል ያህል ይደርሳታል። በኮምፒዩተር የተጻፈ መካከለኛ የአማርኛ ፊደል ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ፊደል 40 ፒክስል ቁመት ያገኛል ማለት ነው። ይህ ለሰውም ለማሽንም የሚበቃ ነው። ረጅሙ ጎን 1280 ሲሆን ግን ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ከ4 ፒክስል ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው፤ ፊደሉም ወደ 13 ፒክስል ይወርዳል።

13 ፒክስል ለላቲን ፊደል ጠባብ ቢሆንም እንደምንም ይኖርበታል። ለእኛ ፊደል ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ነ» እና «ኑ» የሚለያዩት በጎን በወጣች አንዲት አጭር ጭረት ነው። «በ» እና «ባ» የሚለያዩት በአንድ እግር ማጠር ነው፤ አበበ የሚባል ወንድና አበባ የምትባል ሴት በሰነድ ላይ የሚለዩት በዚያች እግር ነው። የ«ኑ» ጭረት ርዝመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ የዚያ ግማሽ ነው እንበል። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ስድስት ሰባት ፒክስል ርዝመት፣ ሦስት ፒክስል ውፍረት ይኖራታል። በተላከው ላይ የሚቀራት ሁለት ፒክስል ርዝመትና አንድ ፒክስል ውፍረት ነው። እሷም ጥቁር ሆና አትቀርም፤ በማሳነሱ ጊዜ ከጎኗ ካለው ነጭ ወረቀት ጋር ስለምትቀላቀል ግራጫ ትሆናለች። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ከሞላው ነው። ግማሹ ፎቶ ጠረጴዛውንና የላኪውን ጣት የሚያሳይ ከሆነ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ቴሰራክት የሚባለው በነፃ የሚገኝ የጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም አማርኛንም ያነባል፤ አዘጋጆቹ የሚመክሩት ጥራት ለአንድ ኢንች ቢያንስ 300 ነጥብ ነው። ከላይ ያየነው የመጀመሪያ ፎቶ 340 ገደማ አለው። በቴሌግራም የደረሰው 110 እንኳ አይሞላም።

ማሳነሱ ይህን ካደረገ በኋላ ጄፔግ ይቀጥላል። ጄፔግ መስፈርት ሆኖ የወጣው በ1992 ነው። ልቡ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ናሲር አሕመድ የሚባል፣ ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ ካንሳስ ያስተምር የነበረ መሐንዲስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1974 ያሳተመው የሒሳብ ስልት ነው። አሕመድ ሐሳቡን ለማጥናት ከአንድ የአሜሪካ የሳይንስ ድጋፍ ሰጪ ተቋም ገንዘብ ጠይቆ ሳይፈቀድለት መቅረቱን በኋላ ራሱ ጽፏል። ዛሬ ያንን ስልት ሳይጠቀም የሚውል ስልክ ማግኘት ይቸግራል።

ስልቱ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያሉትን 64 ነጥቦች አንድ በአንድ አይመዘግብም። ካሬው ውስጥ ብርሃኑ ቀስ ብሎ የሚለወጠው ምን ያህል ነው፣ በፍጥነት የሚለወጠውስ ምን ያህል ነው ብሎ ይመዝናል። ሰማይ፣ ግድግዳ፣ ጉንጭ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ናቸው። የፀጉር ጫፍ፣ የሣር ቅጠል፣ የፊደል ጠርዝ ደግሞ ፈጣን ናቸው። ከዚያ ባለሱቅ ሳንቲሙን ትቶ ወደ ቅርቡ ብር እንደሚያጠጋጋው ቁጥሮቹን ያጠጋጋቸዋል፤ የቀስታዎቹን በጥቂቱ፣ የፈጣኖቹን በብዙ። ጠንከር ብሎ ሲጨመቅ አብዛኞቹ ፈጣን ለውጦች ዜሮ ይሆናሉ፤ ዜሮ የሆነ ቁጥር ደግሞ ቦታ አይወስድም። የፋይሉ መጠን የሚወርደው በዚህ ነው።

ዘዴው ለዓይናችን የተሰፋ ነው። ሰው ሰማይ ላይ ያለች ትንሽ መዛነፍ ትታየዋለች፤ ሣር መሐል የጠፋች አንዲት ቅጠል ግን አትታየውም። ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ግን ከዳር እስከ ዳር ፈጣን ለውጥ ነው። ያቺ የሁለት ፒክስል ግራጫ ጭረት የምትወድቀው ልክ ዜሮ ከሚሆኑት ቁጥሮች መሐል ነው። የባሰው ደግሞ ተቃራኒውም መድረሱ ነው። ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ በፊደሉ ዙሪያ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ግራጫ ጉድፍ ይፈጠራል፤ ጉድፉ በ«ነ» ጎን በትክክለኛው ቦታ ላይ ካረፈ፣ ማንም ያልጻፈው «ኑ» ይወለዳል።

ለእኛ ሰነዶች ሦስተኛ መከራ አለባቸው፤ ማኅተሙ። ጄፔግ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ዓይናችን ቀለምን ከብርሃን ባነሰ ጥራት ስለሚያይ፣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘገብ ቀለሙ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። እንግዲህ በስምና በፊርማ ላይ የተመታ ሐምራዊ ክብ ማኅተም አስቡ። በዋናው ፎቶ ላይ ሐምራዊው ከጥቁሩ በቀለሙ ይለያል፤ ዓይንም ሆነ ማሽን አንዱን ከአንዱ ነጥሎ ማንበብ ይችላል። በተጨመቀው ላይ ግን የቀለሙ ድንበር ይፈስሳል፤ የማኅተሙ ጠርዝ ከሥሩ ካለው ፊደል ጋር አንድ ግራጫ ነገር ይሆናል። በክቡ ዙሪያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም ከዚያ በኋላ ተስፋ የለውም። ማኅተም የሚመታው ደግሞ ሁልጊዜ ሰነዱ ላይ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ የሆነው ጽሑፍ ላይ ነው።

አሁን ፎቶው ኤአይ መሣሪያው ዘንድ ደረሰ። ፎቶን የሚያዩ ዛሬ ያሉ ሞዴሎች በብዛት የሚሠሩት ፎቶውን እንደገና ወደ ካሬዎች ቆርጠው እያንዳንዱን ካሬ ወደ ቁጥሮች ዝርዝር በመለወጥ ነው። በ2020 የጉግል ተመራማሪዎች ባቀረቡትና ብዙዎች በተከተሉት አሠራር አንዱ ካሬ 16 በ16 ፒክስል ነው። የእኛ ፊደል 13 ፒክስል ደርሶ የለ? አንድ ሙሉ ፊደልና የጎረቤቱ ጫፍ በአንድ ካሬ ውስጥ ይታጨቃሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ፎቶ ራሳቸውም ያሳንሱታል። ስለዚህ ዋናውን አራት ሜጋባይት ፎቶ መስጠት ብቻውን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ መጨመቅ ሁሉንም ሥራ እኩል አይጎዳም። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ዶጅና ሊና ካራም በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ፎቶው ላይ ያለው ምን እንደሆነ የሚለዩ ሞዴሎች የጄፔግን መጨመቅ እጅግ እስኪበዛ ድረስ በደህና እንደሚቋቋሙት፣ ለብዥታ ግን ቶሎ እንደሚረቱ አሳይተዋል። ላም ናት ወይስ ፈረስ፣ ቡና ነው ወይስ ጤፍ የሚለው ጥያቄ በትልልቅ ቅርጾች ስለሚመለስ ከቴሌግራም የመጣ ፎቶ ይበቃዋል። ቅጠሉ ላይ ያለችው ብርቱካናማ ነጥብ የዝገት በሽታ መጀመሪያ ናት ወይ የሚለው ግን አይበቃውም፤ ነጥቧ ከጨመቃው ጉድፍ ጋር እኩል ልትሆን ትችላለችና። ፎቶው የተቀነባበረ ነው ወይስ እውነተኛ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። የተደበቀው መረጃ ተራግፏል፤ መነካካትን የሚያጋልጡት ደቃቅ ምልክቶችም ከፈጣኖቹ ለውጦች ጋር አብረው ተጠርገዋል። ከግሩፕ ያወረደውን ፎቶ ለአንድ መመርመሪያ ሰጥቶ ሐሰት ነው ወይም እውነት ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ፍርዱን አልቀበለውም።

ወደ ሰነዱ እንመለስ። አንድ ሰው የደበዘዘ ፊደል ሲያጋጥመው ዓይኑን ያጠባል፣ ስልኩን ያቀርባል፣ በመጨረሻም አላነበብኩትም ይላል። የኤአይ መሣሪያ ግን የጎደለውን ሊመጣ ይችላል ብሎ በሚገምተው ይሞላዋል። በዐረፍተ ነገር መሐል ይህ ግምቱ ጥቅም ነው፤ «ውክልና ሰጥቻ» የሚል ካየ «ለሁ» እንደሚከተል ያውቃል። ለስም፣ ለቤት ቁጥርና ለገንዘብ ግን ዐውዱ ምንም አይረዳውም። ብርሃነም ብርሃኑም ትክክለኛ ስሞች ናቸው፤ 35,000 ብርም 85,000 ብርም ያለ ዋጋ ነው። መሣሪያው በሥልጠናው ደጋግሞ ያየውን ይመርጣል፤ የመረጠውንም እንደሌላው ሁሉ ጥርት ባለ ፊደል ይጽፈዋል። ጥርጣሬው ገጹ ላይ አይታይም።

ይህ ዓይነት ስሕተት ኤአይ ያመጣው አዲስ ነገርም አይደለም። በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት አንዳንድ የዜሮክስ መሣሪያዎች ስካን በሚያደርጉት ሰነድ ላይ ቁጥር እንደሚለውጡ አጋለጠ። በአንድ የቤት ፕላን ላይ የተለያየ ስፋት ያላቸው ክፍሎች በስካኑ ላይ አንድ ዓይነት ስፋት ተጽፎባቸው ተገኙ። መሣሪያው ቦታ ለመቆጠብ ሲል የሚመሳሰሉ ቁርጥራጮችን አንድ ናቸው ብሎ እየወሰደ፣ 6ቱን በ8 ይተካ ነበር። ቁጥሮቹ አልደበዘዙም፤ ጥርት ብለው የተሳሳቱ ነበሩ። ከደበዘዘ ፊደል ይልቅ የምፈራው ይህን ነው።

እጅዎ ያለው ፎቶ የተጨመቀ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። የፎቶውን ዝርዝር ይክፈቱና መጠኑን ይመልከቱ። ረጅሙ ጎን 1280 ወይም 1600 ከሆነ ነገሩ ተለይቷል። የፋይሉ ስምም ይናገራል፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከዋትስአፕ የመጣ ፎቶ እንደ `IMG-20240512-WA0007.jpg` ያለ ስም አለው፤ በኮምፒዩተር ከቴሌግራም የወረደ ደግሞ ብዙ ጊዜ `photo_` ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አንዱን ፊደል በጣም አጉልተው ይዩት። በዙሪያው ወረቀቱ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፤ ግራጫ ጉድፍ ከከበበው ግን ተጨምቋል። ስክሪንሾት ሆኖ ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው የዞረ ፎቶ በየዙሩ እንደገና ስለሚጨመቅ ጉድፉ እየወፈረ ይሄዳል።

ተቀባዩ ይህን ካየ በኋላ በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አይደለም። ፎቶ እናጠራለን የሚሉ መተግበሪያዎች የጠፋችውን ጭረት አያመጧትም፤ እዚያ ምን ልትሆን እንደምትችል ገምተው ይሥሏታል። ይህ የብርሃኑን ስሕተት አንድ እርምጃ ወደፊት ማምጣት ነው፤ አሁን ደግሞ ፎቶው ራሱ ይዋሻል። መድኃኒቱ ያለው ላኪው ዘንድ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን በጋለሪ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል፣ ዋትስአፕ ላይ ደግሞ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ከላከው መተግበሪያው ሳይነካው እንዳለ ይደርሳል። ዋትስአፕ ከ2023 ጀምሮ ያመጣው ኤችዲ የሚለው ምርጫ ከተለመደው ይሻላል፤ ቢሆንም እሱም የተጨመቀ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ በፋይል የተላከ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ የሚናገረውን መረጃም ይዞ ሊሄድ ይችላልና ለማያውቁት ሰው እንዲህ አይላኩ።

በፋይል መላክ ለማያውቅ ላኪ፣ ለምሳሌ ቀበሌ ቆመው ፎቶ ለሚያነሡ እናት፣ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ፤ ቀርቦ ማንሣት። መተግበሪያው የሚገድበው የፎቶውን ጎን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። ገጹ በሙሉ 1280 ፒክስል ሲካፈል ለአንድ ሚሊ ሜትር የደረሰው 4 ነበር። ስሙ ያለበት 7 ሴንቲ ሜትር መስመር ብቻ ፎቶውን ሞልቶ ቢነሣ ግን ያው 1280 ፒክስል ለ70 ሚሊ ሜትር ይዳረሳል፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 18። ይህ ተጨምቆም ቢሆን ካልተጨመቀው የሙሉ ገጽ ፎቶ ይበልጣል። የ«ኑ» ጭረት ዘጠኝ ፒክስል ርዝመት ታገኛለች፤ ጄፔግም አያጠፋትም፣ የኤአዩ ካሬም አይውጣትም። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩትም ይኸው ነው፤ መሣሪያው ራሱ ፎቶውን በሚያሳንስበት ጊዜም መፍትሔው ሙሉ ገጹን ከመስጠት ይልቅ ከዋናው ፎቶ ላይ አንቀጽ አንቀጹን ቆርጦ መስጠት ነው። እንግዲህ አንድ የሙሉ ገጽ ፎቶ ለቅደም ተከተሉ፣ ሦስት አራት የቅርብ ፎቶ ለስሙ፣ ለቁጥሩ፣ ለቀኑና ለማኅተሙ።

መሣሪያው ያወጣውን ለመፈተን አንድ ነገር ይሞክሩ። ስሙ ያለበትን ቁራጭ ብቻ ከሙሉው ገጽ ለይተው፣ በአዲስ ውይይት፣ አስቀድመው ስሙን ሳይነግሩት እንደገና ያስነብቡት። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ ሁለቱንም አይመኑ። ከተስማሙም ሁለቱ የመጡት ከአንድ የተጨመቀ ፎቶ ከሆነ፣ ስሙን ወረቀቱን ከያዘው ሰው ጋር በስልክ ፊደል በፊደል አረጋግጡ፤ «ኑ» በ«ኑሮ» ኑ ነው ወይስ «ነ» በ«ነገር» ነ?

መጨመቁ የተደረገው በተላከው ቅጂ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዋናው ባለ አራት ሜጋባይት ፎቶ አሁንም ላኪው ስልክ ጋለሪ ውስጥ አለ። የስልኮቻችን ማኅደር ቶሎ እየሞላ ቶሎ ይጠረጋልና፣ የውክልና፣ የካርታ ወይም የልደት ሰነድ በፎቶ የደረሳችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ በፋይል አስልኩት።